የጤፍና የተልባ ቂጣ፦ ፋይበሩን የምቀንሰው ከየትኛው ቁጥር ላይ ነው?

ትዕግስት_ቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እኔ ጋር መኖር ከጀመሩ አራት ወራቸው ነው። ስኳር አለባቸው፤ ከምግብ በፊት ኢንሱሊን ይወጋሉ። የምትከታተላቸው ነርስ ለእያንዳንዱ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት 1 ዩኒት ብላ ሰጥታናለች። ስለዚህ የሚበሉትን ቆጥሬ መርፌውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ።

ጠዋት ጠዋት ከዳቦ ይልቅ ቂጣ ይሻላቸዋል ብዬ አንድ አሰራር አገኘሁና እንደ ቤታችን አስተካከልኩት። የጤፍ ዱቄት 180 ግራም፣ የተፈጨ ተልባ 60 ግራም፣ የሲሊየም ቅርፊት 20 ግራም፣ ትንሽ ጨው፣ ለብ ያለ ውሃ 380 ግራም። ሲሊየሙ ውሃውን ጠጥቶ ሊጡ እስኪጠብቅ ሩብ ሰዓት አሳርፈዋለሁ። ከዚያ ስድስት ቦታ ከፍዬ በእጄ እጠፈጥፍና ምጣድ ላይ አገላብጬ አበስለዋለሁ።

ስሌቴ እንዲህ ነበር። ተልባውም ሲሊየሙም ያው ፋይበር ናቸው፣ ካርብ የላቸውም ብዬ ጤፉን ብቻ ቆጠርኩ፤ 131.6 ግራም መጣ። ከዚያ ላይ የሦስቱንም ፋይበር፣ ማለትም 46.8 ግራም ቀነስኩ። 85 ገደማ ቀረ፤ ለስድስት ሲካፈል አንዱ ቂጣ 14 ግራም ኔት ካርብ ሆነ። አባባ ሁለት ይበላሉ፣ 28 ግራም ነው፣ 3 ዩኒት ወጋኋቸው።

ከመብላታቸው በፊት ስኳራቸው 128 ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ 214። በማግስቱም ተመሳሳይ ነገር፣ 207። ቂጣውን በእንቁላል ብቻ ነው የበሉት፣ ሻዩም ያለ ስኳር ነበር። ነርሷ ጋ ቀጠሯችን ሰኞ ነው፤ ከዚያ በፊት ነገሩን ልረዳው እፈልጋለሁ። የቱን ልቁጠር? ጠቅላላውን ካርቦሃይድሬት ነው ወይስ ኔቱን? ለነርሷስ የትኛውን ቁጥር ይዤ ልሂድ?

ብሩክ_ሲያትል

ትዕግስት፣ እኔ የታይፕ 1 ስኳር ታማሚ ከሆንኩ 11 ዓመቴ ነው፣ ይህን ነገር በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ፋይበሩን ሙሉ በሙሉ አትቀንሺ! እኔን ያስተማሩኝ በአንድ ምግብ ውስጥ ከ5 ግራም በላይ ፋይበር ካለ ግማሹን ብቻ ቀንስ ተብሎ ነው። በዚህ ብታሰይው ከ131.6 ላይ 23.4 ይቀነሳል፣ 108 ይቀራል፣ ለስድስት 18 ግራም ነው። ሁለት ቂጣ 36 ግራም፣ 3.6 ዩኒት። የጎደለሽ ያ ነው ብዬ አምናለሁ። ኔት ካርብ የሚባለውን ነገር ራሱ አላምንበትም፤ ብዙ ጊዜ ከፍ አድርጎኛል።

የሺእመቤት

የኔ ልጅ፣ ተባረኪ፣ አባትሽን እንዲህ ስለምትንከባከቢ። ቂጣው እየደረቀ ካስቸገረሽ ውሃው ለብ ሳይሆን ሞቅ ያለ ይሁን። ተልባውንም ከመፍጨትሽ በፊት መንጣጣት እስኪጀምር ብቻ ቆላ አድርጊው፤ ብዙ ከተቆላ ይመራል። ከምጣዱ ስታወጪው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልይው፣ በእንፋሎቱ ይለሰልሳል። እኔ ለጾም እንዲህ ነው የማደርገው።

ትዕግስት_ቨርጂኒያ

እማማ የሺ እግዜር ይስጥልኝ። ጨርቁን ነገ እሞክረዋለሁ፣ እውነትም ጫፍ ጫፉ እየደረቀ ነበር። የኔ ጥያቄ ግን ስለ ቁጥሩ ነው።

ብሩክ፣ 18 ካልከው ቁጥር ጋር የስኳሩ መጠን ይቀራረባል። ግን ለምን ግማሹ? ግማሹ ፋይበር ወደ ስኳር ይቀየራል ማለት ነው?

ወንድሙ_የምግብ_ላብ

ትዕግስት፣ እኔ ለረጅም ጊዜ የምግብ ላብራቶሪ ውስጥ ዱቄት ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ችግሩ ጠቅላላውን ወይም ኔቱን መምረጥሽ አይደለም። ከዚያ በፊት ያለ አንድ የሂሳብ ስህተት ነው፣ ብዙ ሰው የሚሠራው።

ተልባና ሲሊየም ካርብ የላቸውም ብለሽ ከመደመሩ አወጣሻቸው። ፋይበራቸውን ግን ከመቀነሱ አላወጣሽውም። ያልደመርሽውን ቀነስሽ። ስለዚህ የተልባውና የሲሊየሙ ፋይበር የሄደው ከጤፉ ስታርች ላይ ነው። የጤፉ ስታርች ግን አሁንም ቂጣው ውስጥ አለ።

አሜሪካ ውስጥ ከፓኬቱ ጀርባ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር በቀጥታ የሚለካ አይደለም። ከ100 ግራም ላይ ውሃው፣ ፕሮቲኑ፣ ስቡና ሲቃጠል የሚቀረው አመዱ ይቀነሱና የተረፈው ሁሉ ካርቦሃይድሬት ይባላል። ፋይበርም እዚያ የተረፈው ውስጥ ነው ያለው። የጤፍን ቁጥር እዪው፦ ውሃ 8.8፣ ፕሮቲን 13.3፣ ስብ 2.4፣ አመድ 2.4፣ ካርቦሃይድሬት 73.1። ደምሪው፣ ልክ 100 ነው። 8ቱ ግራም ፋይበር ለብቻው የት ይገባል? ቦታ የለውም፣ 73.1 ውስጥ ነው ያለው። ተልባም በ100 ግራም 28.9 ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚያ ውስጥ 27.3ቱ ፋይበር ነው። ካርብ የለውም የሚባለው ከተቀነሰ በኋላ ነው እንጂ ከመቀነሱ በፊት አለው።

አሁን ያንቺን ቂጣ እንደገና እንሥራው። ሲሊየሙን በተለመደው መለያ፣ በ5 ግራም 4 ካርብና 4 ፋይበር ብዬ ወስጃለሁ፤ የራስሽን ፓኬት አይተሽ አስተካክይ።

የጤፉ 180 ግራም፦ ካርቦሃይድሬት 131.6፣ ፋይበር 14.4።
የተልባው 60 ግራም፦ ካርቦሃይድሬት 17.3፣ ፋይበር 16.4።
የሲሊየሙ 20 ግራም፦ ካርቦሃይድሬት 16፣ ፋይበር 16።

ጠቅላላው 164.9 ነው፣ ፋይበሩ 46.8። ሲቀነስ 118.1 ይቀራል። ለስድስት ስታካፍይው አንዱ ቂጣ 19.7 ግራም ነው እንጂ 14 አይደለም። ሁለቱ 39 ግራም ከምናምን ይሆናሉ። አንቺ የቆጠርሽው 28 ነበር። ወደ 11 ግራም ጎድሏል፣ በነርሷ ስሌት ከአንድ ዩኒት ትንሽ ይበልጣል።

ሥራሽን የምታረጋግጪበት ቀላል መንገድ አለ። ተልባውንና ሲሊየሙን ጨርሰሽ እርሻቸውና ጤፉን ብቻ አስቢ፦ 131.6 ሲቀነስ 14.4፣ 117.2 ነው። ሁለቱን ስትጨምሪ ወደ 118 ከፍ አለ፣ በአንድ ግራም ብቻ። ትክክለኛ ስሌት እንዲህ ነው የሚመስለው። ፋይበር ያለው ነገር ጨምረሽ የጠቅላላው ሊጥ ኔት ካርብ ከቀነሰ አንድ ቦታ ተሳስተሻል፤ አንድ ግብዓት የሌላውን ስታርች ሊያጠፋ አይችልም።

ብሩክ፣ ያንተ 18 ለትክክለኛው ቁጥር የቀረበው በአጋጣሚ ነው። አንተም ተልባውንና ሲሊየሙን ሳትደምር ግማሽ ፋይበራቸውን ቀነስክ። ሁለት ስህተቶች ተቻችለው እውነት መሰሉ። ሌላ አሰራር ላይ ግን እንዲህ አይቻቻሉም። ሲሊየሙ 40 ግራም ቢሆን ኖሮ በዚያው መንገድ ስምንት ግራም ተጨማሪ ትቀንስ ነበር፤ የአባቷ ስኳር ግን ያንን አያውቅም።

ብሩክ_ሲያትል

ጋሽ ወንድሙ፣ መደመሩን ስቼዋለሁ፣ ልክ ነህ። ግን ግማሹን መቀነስ የሚለውን እኔ አልፈጠርኩትም፣ በትምህርት የተሰጠኝ ነው። ደግሞ አሁን የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ኔት ካርብ የሚለው ቃል በሕግ የተተረጎመ አይደለም፣ ጠቅላላውን ቁጠሩ ነው የሚለው። ታዲያ አንተ 39 ስትል ማኅበሩ 55 ሊላት አይደለም? 164.9 ለስድስት 27.5 ነው፣ ሁለቱ 55።

ወንድሙ_የምግብ_ላብ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይህ እስካሁንም ባለሙያዎች የሚከራከሩበት ነው። ግማሹን ቀንስ የሚለው ሲሰጥ የነበረ ትምህርት ነው፣ አንተ አልፈጠርከውም። ለትዕግስት ጥያቄ ግን፣ ግማሹ ፋይበር ወደ ስኳር ስለሚቀየር አይደለም። ፋይበርን ትንሹ አንጀት አይፈጨውም። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፣ ከዚያ የሚወጣው አጫጭር የስብ አሲድ ነው፤ ጉልበት ይሰጣል፣ በግራም 2 ካሎሪ ገደማ፣ ግን የደም ስኳር ሆኖ አይወጣም። ግማሽ የሚባለው ለጥንቃቄ የተበጀ መካከለኛ ነው።

ጠቅላላውን ቁጠሩ የሚለው ምክር የሚጸናው ብዙ ሰው በሚበላው ምግብ ላይ ነው። አንድ ቁራጭ ዳቦ ውስጥ ያለው ፋይበር 2 ወይም 3 ግራም ነው፤ ብትቀንሰውም ባትቀንሰውም የመርፌው ልዩነት አይታይም፣ ስሌቱ ግን ይቀልልሃል። እዚህ ቂጣ ላይ ግን በአንድ ማዕድ ከ15 ግራም በላይ ፋይበር አለ፣ ከሁለት ሦስተኛው በላይ የመጣው ከተልባና ከሲሊየም ነው። 55 ብለህ 5.5 ዩኒት ብትወጋቸው ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል፣ ለአረጋዊ ሰው ደግሞ መውረዱ ከመውጣቱ ይከፋል። እኔ ብሆን ሁለቱንም ቁጥር፣ 55ንና 39ን፣ ከነአሰራሩ ለነርሷ ይዤ እሄዳለሁ። መጠኑን የምትወስነው እሷ ናት።

ሄለን_ፍራንክፈርት

ይቅርታ በመሀል ልግባ። እኔ ስኳር የለብኝም፣ ክብደት ለመቀነስ ነው የምቆጥረው። ይህንኑ ቂጣ ትናንት ጋግሬ ቁጥሩን ስሠራ ግራ ገባኝ። እዚህ ጀርመን የገዛሁት የተፈጨ ተልባ ፓኬት ላይ በ100 ግራም ካርቦሃይድሬት 2 ግራም፣ ፋይበር 27 ግራም ይላል። እንዴት ነው ፋይበሩ ከካርቦሃይድሬቱ የሚበልጠው? ብቀንሰው 25 ከዜሮ በታች ይመጣል! ዜሮ ብዬ ልተወው? የጤፉ ግን ደህና ነው፣ ካርቦሃይድሬት 65፣ ፋይበር 8 ይላል፤ ቀንሼ 57 ብዬዋለሁ።

ወንድሙ_የምግብ_ላብ

ሄለን፣ ተልባሽ እውነቱን ነግሮሻል፣ ጤፉ ግን ደብቆብሻል።

በአውሮፓ ኅብረት የመለያ ደንብ፣ ቁጥሩ 1169/2011 በሚባለው፣ ካርቦሃይድሬት ማለት የሰው አካል የሚጠቀምበት ብቻ ነው። ፋይበሩ ቀድሞ ወጥቶ ለብቻው ነው የሚጻፈው። ትዕግስት ቤት ያለው ፓኬት ፋይበሩን አቅፎ ይጽፋል፤ አንቺ ቤት ያለው አውጥቶ ይጽፋል። ሁለቱም ፓኬት ላይ የሚታየው ቃል ግን ካርቦሃይድሬት ነው። ስለዚህ የጤፉ 65 ራሱ ኔት ነው። 73 ሲቀነስ 8 ብለሽ አስቢው፣ እዚያው ይመጣል። አንቺ 57 ስትይ ሁለት ጊዜ ቀነስሽ።

ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ሲመጣ ዜሮ ብሎ ማለፍ አይገባም። መለያው ፋይበሩን ያወጣ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። እንደ ተልባ ፋይበሩ ከስታርቹ እጅግ በሚበዛበት ምግብ ላይ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል። እንደ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ ባሉት ላይ ግን 57 ማንንም አያስደነግጥም፣ ስህተቱ ተቀብሮ ይቀራል። ለ180 ግራም ጤፍ 14 ግራም ያህል ይጎድልሻል ማለት ነው።

አጠራጣሪ ፓኬት ሲያጋጥምሽ ፕሮቲኑን፣ ስቡን፣ ካርቦሃይድሬቱንና ፋይበሩን አንድ ላይ ደምሪ። ከ100 ካለፈ ፋይበሩ ካርቦሃይድሬቱ ውስጥ አለ ማለት ነው፣ ስለዚህ ቀንሺ። የአሜሪካውን ተልባ ብትደምሪ ፕሮቲን 18.3፣ ስብ 42.2፣ ካርቦሃይድሬት 28.9፣ ፋይበር 27.3፤ 116 ያልፋል፣ ከመቶ ግራም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሊወጣ አይችልም። የጀርመኑን ብትደምሪ ከመቶ በታች ይቀራል። በጤፍ ላይ ይህ ዘዴ ጠባብ ነው፤ የአሜሪካው ድምር 97 ብቻ ስለሚሆን ውሃው ካልተጨመረበት አይታወቅም። እንዲህ ሲሆን የተመረተበትን ሳይሆን መለያው የተጻፈበትን አገር እዪ።

ሄለን_ፍራንክፈርት

አሁን ገባኝ። ስልኬ ላይ ያለው የካሎሪ መቁጠሪያ ደግሞ ኔት ካርብ በሚለው ስር በራሱ ፋይበሩን ይቀንሳል። የጀርመኑን ፓኬት ባርኮድ ሳነበው እንደገና ቀንሶብኝ ነበር ማለት ነው። ሁለት ወር ሙሉ!

ዳዊት_ቦሌ

የእናንተው ጭንቀት መለያው ላይ ነው፣ እኛ ጋ ግን መለያ የለም። እኔ ጤፍ ከነኩንታሉ ገዝቼ ወፍጮ ቤት አስፈጭቼ ነው የማመጣው። እናቴ የስኳር ታማሚ ናት። አንድ የቆየ የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ አገኘሁ፣ የጤፍ ፋይበር 3 ግራም ገደማ ነው ይላል። ጋሽ ወንድሙ 8 አልክ። የኛ ጤፍ ከአሜሪካው ይለያል ማለት ነው?

ወንድሙ_የምግብ_ላብ

ጤፉ አልተለየም ዳዊት፣ መለኪያው ነው የተለየው። በቀድሞው ዘዴ ዱቄቱ በአሲድ ይቀቀላል፣ ከዚያ በአልካሊ ይቀቀላል፣ የማይሟሟው ተጣርቶ ደርቆ ይመዘናል። ጥሬ ፋይበር የሚሉት እሱን ነው። እኔ በጀማሪነቴ በዚያ ዘዴ ስሠራ፣ ጨርቅ ላይ የሚቀረው ግራጫ ቅሬታ አንድ ቁንጥር አይሞላም ነበር። በሟሟው ውሃ ውስጥ ግን ብዙ እውነተኛ ፋይበር ታጥቦ ይሄዳል። ለእንስሳት መኖ የተዘጋጀ ዘዴ ነው፣ የሰው ምግብ ላይም ለረጅም ጊዜ ተሠርቶበታል። አሁን ያሉት ዘዴዎች የሰውን አንጀት በሚመስል ኢንዛይም ስታርቹን ፈጭተው ያልተፈጨውን ነው የሚመዝኑት፤ 8 የሚመጣው በዚያ ነው።

ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ ጥሬ ፋይበር የሚል ካየህ ለቅነሳ አትጠቀምበት። ብትጠቀምበት የሚቀነሰው ያንሳል፣ ኔቱ ከእውነቱ ከፍ ይላል፤ ለኢንሱሊን ከሆነ ደግሞ ያ ትርፍ አደገኛ ነው። ወፍጮ ቤት ያስፈጨኸው ጤፍ እህሉ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ቅርፊቱ ተለይቶ አይወጣም፣ ከነሙሉው ነው የሚፈጨው። ለጤፍ 73ንና 8ን ብትወስድ ብዙ አትስትም። ለስንዴ ግን ይህን አትበል፤ እናትህ በወንፊት ነፍታ ፉርሽካውን ካወጣችው አብዛኛው ፋይበር አብሮት ወጥቷል።

ዳዊት_ቦሌ

እናመሰግናለን። አንድ ነገር ብቻ፣ እንጀራስ? ሊጡ ሦስት ቀን ሲቦካ እርሾው ስኳሩን ይበላዋል ይላሉ፣ ታዲያ ካርቡ ከዱቄቱ ይቀንሳል?

የሺእመቤት

ይቀንሳል እንጂ! የቦካ እንጀራ ሆድ ላይ ይቀላል። ያልቦካ አፍለኛ ግን ይከብዳል። እኔ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ውሃ ሁልጊዜ ነው የምደፋው።

ወንድሙ_የምግብ_ላብ

እማማ የሺ ያሉት ውስጥ እውነት አለ። እርሾው ይበላል፣ የሚደፋው ውሃም የሟሟ ነገር ይዞ ይሄዳል። እንጀራው ሲያድር ደግሞ የስታርቹ ከፊል ይጠነክርና የማይፈጭ ይሆናል። ነገር ግን ከዱቄቱ ስንት ግራም ጎደለ የሚለው በእያንዳንዱ ቤት እርሾ፣ በሙቀቱ፣ በቀኑ ብዛትና በሚደፋው ውሃ ይለያያል። ለእንጀራ እኔ ከዱቄቱ ቁጥር ምንም አልቀንስም፣ የመቡካቱን ጥቅም በስኳር መለኪያው አየዋለሁ።

ብሩክ_ሲያትል

እኔ ግን እንጀራ ላይ ከዱቄቱ አንድ አስረኛ ቀንሼ ነው የምወጋው፣ ለሦስት ዓመት ሠርቶልኛል። ስለዚህ አይቀነስም በሚለው አልስማማም።

ሌላ ላንሳ። ሱቅ ውስጥ ኔት ካርብ 4 ግራም የሚል የስንዴ ቶርቲያ አለ፣ ሁለቱን በልቼ ከ110 ወደ 190 ወጣሁ። ኔት ካርብ አላምንም ያልኩት በዚህ ነው። ትዕግስት ቤት የሠራችው ግን እንደዚያ አይደለም ማለት ነው?

ወንድሙ_የምግብ_ላብ

ያንተ መለኪያ ከሠራልህ ለአንተ እሱ ነው የሚበልጠው፣ አልከራከርህም።

የቶርቲያው ነገር ግን የተለየ ነው። የትዕግስት ፋይበር እህሉና ፍሬው ውስጥ በተፈጥሮ ያለ ነው፣ ሲሊየሙም ለብዙ ዓመት የተጠና ነው። ፋብሪካው ግን ፋይበር ብሎ የሚጽፈው ከስታርች ወይም ከሽሮፕ በሂደት የተሠራ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2016 ባወጣው ደንብ፣ ከውጭ የሚጨመር እንዲህ ያለ ነገር ጠቀሜታው ካልታየ በመለያው ላይ ፋይበር ተብሎ እንዳይቆጠር ከልክሏል። ሲሊየም ያን አልፏል። ከዚያ በፊት ብዙ ኬክና ባር ውስጥ ይገባ የነበረው አይሶማልቶኦሊጎሳካራይድ የሚባለው ሽሮፕ ግን አላለፈም። ተቀባይነት ያገኘውም ቢሆን ሁሉም ሰው አንጀት ውስጥ አንድ አይነት ነው ማለት አይቻልም። የታሸገ ነገር ሲሆን ግብዓቱን አንብብ፤ ፋይበሩ የመጣው ከእህሉ ካልሆነ ሙሉውን አትቀንስ።

ሳምራዊት_ዱባይ

እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። ፋይበር ስኳሩን ያዘገየዋል ይባላል። ታዲያ ሲሊየሙን 40 ግራም ባደርገው አባቷ ኢንሱሊኑን መቀነስ አይችሉም? ካርቡን ያጠፋዋል ማለቴ ነው።

ወንድሙ_የምግብ_ላብ

ሳምራዊት፣ ማዘግየትና ማጥፋት ሁለት ነገሮች ናቸው። ሲሊየም ውሃ ሲነካው እንደ አጥሚት ይወፍራል፣ ሆድ ውስጥም ስታርቹ በፍጥነት እንዳይፈጭ ይይዘዋል። ስኳሩ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ጫፉም ዝቅ ሊል ይችላል። ግን 118ቱ ግራም እዚያው ናቸው፣ ዘግይተው ይገባሉ። ይህ ፈጣን ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ሌላ ችግር ያመጣል፤ መርፌው ቀድሞ ሠርቶ ሊጨርስ፣ ስኳሩ ደግሞ ኋላ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻ ለክቶ መፍረድ አይበቃም፣ ሦስት ሰዓት ላይም ይታይ።

40 ግራም ብታደርጊው ቂጣው ጎማ ይሆናል፣ ብዙ ውሃም ይፈልጋል። ለትዕግስትም አንድ ልጨምር፦ አባባ በአፍ የሚወስዱት ኪኒን ካለ ከዚህ ቂጣ ጋር አብሮ አይሁን፣ ሲሊየም መድኃኒትን ሊይዝ ስለሚችል ነርሷን ስለ ሰዓቱ ጠይቂያት። ውሃም በደንብ ይጠጡ።

ትዕግስት_ቨርጂኒያ

ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ጋግሬ ሁሉንም ነገር በሚዛን ሠራሁ። አንድ ያላስተዋልኩት ነገር አገኘሁ። ስድስት እኩል ቦታ የከፈልኩት በዓይኔ ነበር። ስመዝናቸው ትንሹ 78 ግራም፣ ትልቁ 114 ግራም ሆነ። አባባ የሚወዱት ትልቁን፣ ዳር ዳሩ የወፈረውን ነው! ስለዚህ በቂጣ ቁጥር ማካፈሉን ተውኩት። ስድስቱንም አንድ ላይ መዘንኳቸው፣ 560 ግራም መጣ። 118ን ለ560 ሳካፍል በአንድ ግራም ቂጣ 0.21 ነው። የ114ቱ ቂጣ 24 ግራም ይሆናል፣ የ78ቱ 16 ተኩል ገደማ።

ወንድሙ_የምግብ_ላብ

በጣም ጥሩ አድርገሻል። አንድ ብቻ ጠብቂ፦ 0.21 የዚያ ቀን ቂጣ ቁጥር ነው። ነገ ምጣዱ ላይ ብታቆዪው ውሃው ይተንና ክብደቱ ወደ 520 ይወርዳል፣ ካርቡ ግን 118 ነው። ስለዚህ በጋገርሽ ቁጥር ሙሉውን መዝነሽ አካፍይ። ወይም ሊጡን ከመጠፍጠፍሽ በፊት በሚዛን እኩል ክፈይው፣ ያን ጊዜ ቢደርቅም ባይደርቅም አንዱ 19.7 ነው።

ትዕግስት_ቨርጂኒያ

ከነርሷ ተመለስን። ሁለቱንም ቁጥር፣ አሰራሩንና የሲሊየሙን ፓኬት ፎቶ ይዤ ሄድኩ። የመደመሩን ስህተት ራሷ በእስክሪብቶ ከብባ አሳየችኝ። ለዚህ ቂጣ በኔቱ እንድንጀምር፣ ለሌላው ምግብ ግን እንደ ቀድሞው በጠቅላላው እንድንቀጥል ወሰነች። ለሁለት እኩል ቂጣ 4 ዩኒት፣ ለሳምንት በሁለትና በሦስት ሰዓት ላይ እንድለካና እንድጽፍ። የደም ግፊት ኪኒናቸውንም ከቂጣው ሁለት ሰዓት አራርቃ አስቀመጠችው።

ዛሬ ጠዋት፦ ከመብላታቸው በፊት 122፣ ሁለት ሰዓት ላይ 158፣ ሦስት ሰዓት ላይ 171። ጋሽ ወንድሙ እንዳልከው ኋላ ነው የወጣው። ነገ ሊጡን በሚዛን ከፍዬ፣ በእማማ የሺ ጨርቅ ጠቅልዬ እደግመዋለሁ።

ብሩክ_ሲያትል

ሦስት ሰዓት ላይ 171 ከሆነ አራት ሰዓት ላይም አንድ ጊዜ ለኪ። እኔ በተልባ የተሠራ ነገር ስበላ ከስቡ ይሁን ከፋይበሩ አላወቅኩትም እንጂ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሲያወጣኝ አይቻለሁ። ቁጥሩን እዚሁ ብትጽፊልን እኔም ከእኔው ጋር አስተያየዋለሁ።